ያልነበሩት ሠላሳ ስድስት ቀኖች

አባቴ እሁድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ በሳውዲዋ ደማም ከተማ፣ አል አዳማ በሚባለው ሰፈር ባለ ማዕከል ኩላሊቱን ይታጠብ ነበር። በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ከማሽኑ ጋር ይቆይና ፊቱ ነጥቶ፣ ግን ቀለል ብሎት ይወጣል። ማዕከሉ ያለበት ሕንፃ የኪራይ ነው። ባለቤቱ ሊያፈርሰው ስለነበር የሆስፒታሉ ድርጅት በጎረቤት ከተማ ኮባር ባለው ዋናው ሆስፒታል ሁለተኛ ፎቅ ላይ አዲስ የእጥበት ክፍል ያሠራ ጀመር። ያንን ክፍል የሚሠራው ተቋራጭ እኔ የተቀጠርኩበት ነው። አባቴ ለታማሚዎቹ ሁሉ «ልጄ ናት የምትሠራልን» እያለ ይናገር ነበር። እኔ ግን አንድ ብሎኬት እንኳ አላስቀመጥኩም። ሥራዬ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ መጻፍ፣ ቀን መቁጠር፣ የሚዘገየውን አስቀድሞ ማየት ነው።

የተወለድኩት ደማም ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ ሠላሳ ምናምን ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። እናቴ ካረፈች በኋላ አል ፈይሰሊያ ባለው ቤታችን ሁለታችን ብቻ ቀረን። እሱ መንዳት ሲያቅተውና የድሮው ካፊሉ፣ ዋስ የሆነው አሠሪው፣ ሲለቀው፣ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ በእኔ ሥር እንደ ጥገኛ አስመዘገብኩት። የሕክምና ኢንሹራንሱም በእኔ መሥሪያ ቤት በኩል ሆነ። ይህን የምናገረው ኋላ ያደረግኩትን ለማስተባበል አይደለም፤ ግን ሳልናገረው ነገሩ አይገባም።

ፕሮጀክቱን የተረከብኩት ከእኔ በፊት የነበረው ፕላነር ኸላስ፣ በቃኝ ብሎ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። የሥራ ዕቅዱን ከፍቼ ሳየው ያማረ ነበር። ክሪቲካል ፓዝ የምንለው፣ ከዛሬ እስከ ርክክብ ቀን ድረስ አንዱ አንዱን እየጠበቀ የሚሄደው ረጅሙ የሥራ ሰንሰለት፣ በቀይ ተሠምሮ በአየር ማቀዝቀዣው በኩል ያልፋል። ጣሪያ ውስጥ የሚገባው የአየር ቱቦ፣ ማሽኑ፣ ሙከራው፣ ከዚያ ኮርኒሱ። እዚያ ሰንሰለት ላይ አንድ ቀን ከጠፋ ርክክቡም አንድ ቀን ይዘገያል። ስለዚህ የሁሉም ዓይን እዚያ ነበር፤ የሳምንቱ ስብሰባ ከአየር ቱቦ ወሬ አይወጣም። የውሃ ማጣሪያው ክፍል ግን ሠላሳ ስድስት ትርፍ ቀን አለው ተብሎ ተጽፏል። ማለትም ያ ሥራ ሠላሳ ስድስት ቀን ቢንቀራፈፍ እንኳ የርክክቡን ቀን አይነካም። የማጣሪያው ማሽን ራሱ ከወደብ ወጥቶ መጋዘናችን ደርሷል። ስለዚህ ማንም አያነሳውም።

ጥርጣሬዬ የጀመረው ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነው። የማዕከሉ ዋና ነርስ አዲስ አበባ ተምራ በኮንትራት የመጣች፣ ከእኔ አሥር ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። ሲስተር እላታለሁ። አንድ ሐሙስ አባቴን ከማሽኑ እየፈታች፣ አዲሱ ክፍል ውስጥ የውሃው ናሙና መቼ እንደሚወሰድ ጠየቀችኝ። ዕቅዱ ላይ አንድ ቀን እንደተያዘለት ነገርኳት። እጇን ከቱቦው ላይ ሳታነሳ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንድ ቀን? ለናሙናው ነው ወይስ ለውጤቱ?»

«ለሁለቱም።»

ሳቅ እንኳ አላለችም። ለእጥበት የሚውል ውሃ በቀጥታ ከሰው ደም ጎን የሚያልፍ ስለሆነ፣ በማጣሪያው ብቻ አይታመንም አለችኝ። ናሙናው ወደ ውጭ ላብራቶሪ ይሄዳል። ተህዋስያኑ አድገው እስኪቆጠሩ ብቻ ሰባት ቀን ይፈጃል። የኬሚካሉ ምርመራና ወረፋው ሲጨመርበት ሁለት ሳምንት ነው። ያ ወረቀት ሳይመጣ ደግሞ አንድም ታማሚ ከማሽኑ ጋር አይገናኝም።

በሚቀጥለው ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ሲስተርን፣ የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሻኑንና የቧንቧ ሥራ ኃላፊያችንን ከግንባታው ጀርባ ባለችው ተንቀሳቃሽ ቢሮአችን ሰበሰብኳቸው። ትናንሽ ወረቀት አከፋፈልኩና፣ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ወረቀት፣ በላዩም «ይህን ለመጀመር የግድ ምን ማለቅ አለበት?» የሚለውን መልስ እንዲጽፉ አደረግኩ። ግድግዳው ላይ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየለጠፍን ሄድን። ታማሚ ከመግባቱ በፊት ማጽደቂያ። ከማጽደቂያው በፊት የላብራቶሪ ውጤት። ከውጤቱ በፊት የቧንቧው መታጠብና በኬሚካል መጽዳት። ከዚያ በፊት ቧንቧው ከማጣሪያው ጋር ተገናኝቶ በግፊት መሞከር አለበት፤ ከዚያ በፊት ማጣሪያው ተተክሎ መብራት ሊያገኝ ይገባል። እዚህ ስንደርስ የቧንቧው ኃላፊ ወረቀቱን ይዞ ቆመ።

ማሽኑ የሚቀመጠው የት ላይ ነው? የውሃው ክፍል ወለል ገና ባዶ ኮንክሪት ነው። ሴራሚክ አልገባበትም። ከሴራሚኩ በፊት ውሃ የማያሳልፈው ሽፋን ተቀብቶ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ተይዞ መፍሰስ አለመፍሰሱ መታየት አለበት። ከሽፋኑ በፊት ወለሉ ተበስቶ የፍሳሽ ቧንቧው ይገባል። ወለሉ የሚበሳበት ቦታ ደግሞ አንድ ገጽ ንድፍ ላይ ነው ያለው። ያ ንድፍ ከአማካሪው መሐንዲስ ፊርማ እየጠበቀ ነበር። አሮጌው ዕቅድ ላይ ይህ ሁሉ ከማሽኑ ተከላ ጋር አልተያያዘም። ማሽኑ አየር ላይ የሚተከል ይመስል ነበር።

የተያያዘውን ወደ ኮምፒውተር አስገብቼ መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ከዚያ ከርክክቡ ቀን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ለርክክቡ የቀሩን ሰባ ሦስት ቀናት ናቸው። የአየር ማቀዝቀዣው ሰንሰለት ልክ ሰባ ሦስት ይፈልጋል። የውሃው ሰንሰለት ሰማንያ አራት ሆነ። ትርፍ የተባሉት ሠላሳ ስድስት ቀናት ፈጽሞ አልነበሩም፤ እንዲያውም ገና ከአሁኑ አሥራ አንድ ቀን ዘግይተናል። ቀዩ መስመር ከጣሪያው ወርዶ ወለሉ ላይ ተኛ፣ ጫፉም አማካሪው ጠረጴዛ ላይ ያለችው አንዲት ወረቀት ሆነች።

እውነቱን ለመናገር ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ችግር ቀድሞ ሲታይ ግማሹ እንደተፈታ ነው። አማካሪው ዘንድ ሄዶ ተቀምጦ ማስፈረም ስምንት ቀን ያድናል። ማሽኑ የሚያርፍበትን የወለል ክፍል ብቻ አስቀድሞ ሴራሚክ ማልበስ ስድስት ያድናል። ቧንቧውን ማሽኑ እየተተከለ ጎን ለጎን መዘርጋት ዘጠኝ። በድምሩ ሃያ ሦስት ቀን እናገኛለን፤ ዐሥራ ሁለት ይተርፈናል። ይህን በሁለት ገጽ ጽፌ ለፕሮጀክት ማናጀሩ ወሰድኩለት።

ማናጀሩ ክፉ ሰው አልነበረም። አባቴን ወደ እጥበት በማደርስባቸው ቀናት ማርፈዴን አንድም ቀን ተናግሮኝ አያውቅም። ግን ከእኔ መምጣት በፊት ፕሮጀክቱ ዘግይቶ፣ አሠሪው ሥራውን ከእጃችን ሊነጥቅ ደርሶ፣ እሱ ነው በቀኑ እንደሚያስረክብ ቃል ገብቶ ያስቀረው። ሁለት ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። በሩን ዘጋና፣ ማካካሻ ቢኖረውም እንኳ፣ አሥራ አንድ ቀን መዘግየታችንን የሚያሳይ ሪፖርት ከዚህ ቢሮ አይወጣም አለኝ። የላብራቶሪው ቀን ከአሥራ አራት ወደ ሦስት ይውረድ አለ፤ ያኔ ሰማንያ አራቱ ሰባ ሦስት ይሆናል። አማካሪውን እሱ በግሉ ያናግረዋል።

ተህዋስያን በሦስት ቀን አይቆጠሩም አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ በረጋ ድምፅ። «እስከዚያ ድረስ ሌላ ቦታ ቀን እናገኛለን። አሁን ግን ቁጥሩ ይስተካከል። ካልሆነ ሁላችንም እዚህ አንቆይም፤ አንቺም።»

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ስክሪኑን እያየሁ ብዙ ተቀመጥኩ። በሐሳቤ የመጣው የአባቴ የኢንሹራንስ ካርድ ነበር። እኔ ከሥራ ከወጣሁ ኢቃማዬ፣ ከኢቃማዬ ጋር የእሱ ኢቃማ፣ ከእሱ ጋር በሳምንት ሦስት ቀን ያለው ሕይወቱ አብሮ ይሄዳል። አላህ ይቅር ይበለኝ ብዬ አሥራ አራቱን ሰርዤ ሦስት ጻፍኩ። ወዲያው ሰማንያ አራቱ ሰባ ሦስት ሆነ። የወሩ ሪፖርት አረንጓዴ፣ ማለትም ምንም አልዘገየንም የሚል ሆኖ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የምፈራው ነው። ሪፖርቱ አረንጓዴ ስለሆነ ማንም ንድፉን አልተከታተለም። ማናጀሩ አማካሪውን አንዴ ደውሎ አጥቶት፣ ከዚያ የአየር ማቀዝቀዣው ጭንቀት ዋጠው። እኔ በየሁለት ቀኑ በኢሜይል አስታውሳለሁ፤ መልስ የለም። አስር ቀን የተያዘለት ፊርማ አስራ አምስት፣ ከዚያ ሃያ ሆነ። ሰዎቻችን ጣሪያ ላይ እየተሽቀዳደሙ የውሃው ክፍል በር ተቆልፎ አቧራ ለበሰ።

በዚያ መሐል ሲስተር አንዴ ጠይቃኝ ነበር። የድሮውን ሕንፃ ለባለቤቱ የሚያስረክቡበትን ቀን ልታጸድቅ ነው፤ የአዲሱ ቀን አይንቀሳቀስም ወይ አለችኝ። አባቴ እዚያው ተኝቶ፣ አጠገቡ ደግሞ አንድ ሱዳናዊ አዛውንት ልብስ ሰፊ ተኝተው ነበር። አዛውንቱ ሱቃቸው ከማዕከሉ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ታጥበው ሲያበቁ በእግራቸው ወደ ስፌት መኪናቸው ይመለሳሉ። ዓሚ፣ አጎቴ እላቸዋለሁ። የአባቴን ጀለቢያዎች ሁሉ ያጠበቡለት እሳቸው ናቸው፤ በሽታው ሲያከሳው እየተከታተሉ። እኔ ለሲስተር፣ ሪፖርቱ ላይ ያለው ቀን እሱ ነው ብዬ መለስኩ። ውሸት አልነበረም። እሷም አምና ፈረመች።

ከዚያ ሦስት ቀን በኋላ፣ ፊርማውን መጠበቅ በጀመርን በሃያ አራተኛው ቀን ጠዋት፣ ዕቅዱን ለራሴ በእውነተኛው ቁጥር ደግሜ አሰላሁ። የመዘግየቱ ነገር ሃያ አምስት ቀን ደርሷል። መኪናዬን አስነስቼ ከኮባር ወደ ደማም ነዳሁ። ሲስተርን በመድኃኒት ክፍሉ በር ላይ አገኘኋት።

«ሲስተር፣ የነገርኩሽ ቀን ልክ አይደለም። ስነግርሽም አውቅ ነበር።»

ወረቀቱን ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ያን ቀን ግድግዳው ላይ ስንለጥፍ ጀምሮ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ እኮ ወረቀቶቹን አብሬሽ ለጥፌአለሁ» አለች ብቻ። «ከዚያ በኋላ ቀኑ ሳይለወጥ ሲቀር፣ መላ አገኙለት ብዬ አመንኩ።» ወረቀቱን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ዳይሬክተር ሄደች።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ማናጀሩ ቁጥሩን ማን እንደቀየረው ሲጠየቅ እኔን አላየም፤ በእሱ ትእዛዝ እንደሆነ ተናገረ። ለዚህ አሁንም አከብረዋለሁ። ንድፉ በዚያው ቀን ተፈረመ። ሃያ አራት ቀን የተጠበቀው ፊርማ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። የወለሉን ሥራ ከፋፍለን፣ ቧንቧውን ጎን ለጎን አስኬደን አሥራ አምስት ቀን መለስን። አሥሩ ግን አልተመለሰም፤ ያለፈውን ቀን ማንም አይመልሰውም። የድሮው ሕንፃ ባለቤት ተለምኖ አንድ ሳምንት ጨመረልን፤ ከዚያ በላይ ግን የማፍረስ ፈቃዱ ወጥቶ ስለነበር ማፊ፣ አይሆንም አለ።

ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚጎድለን ብለን ታማሚዎቹን እንዴት እናሳልፋቸው ስንል የመጀመሪያው የውሃ ውጤት መጣ። ወደቀ። የቧንቧው መስመር ላይ ለወደፊት ብለው የተዉት፣ ውሃ የማይዘዋወርበት አጭር ቅጥያ ነበር፤ ውሃው እዚያ ቆሞ ተህዋስያን አፍርቷል። ተቆርጦ ወጣ፣ መስመሩ እንደገና ታጠበ፣ እንደገና ናሙና ተወሰደ፣ እንደገና ሁለት ሳምንት ተጠበቀ። በጠቅላላው አሥራ ስምንት ቀን። ሦስቱ ቀን ሦስት ሳምንት ሆነ።

ታማሚዎቹ ክፍት ቦታ ወደተገኘበት ተበተኑ። አባቴ የአንድ ሰዓት መንገድ የምትርቀው ጁበይል ደረሰችው፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የሚጀምር ፈረቃ። ዓሚም ጁበይል ደረሳቸው፤ ግን ቀናቸው ቅዳሜ፣ ሰኞና ረቡዕ ሆነ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔው አደረስኳቸው። ሰኞ ሥራ ነበረኝ፤ ውሃው የወደቀበትን ቧንቧ የሚቆርጡት ያን ቀን ነው። ዓሚ አንድ የአገራቸው ልጅ እንደሚያደርሳቸው ነገሩኝ፤ አመንኳቸው። የአገራቸው ሰው መኪና ተበላሽቶበት ሳይመጣ ቀርቷል። እሳቸው ማንንም ማስቸገር አልወደዱም። ረቡዕም እንዲሁ ሳይታጠቡ አለፈ።

ሐሙስ ጠዋት ከአባቴ ጋር ከጁበይል ስንመለስ ሲስተር ደወለች። ዓሚ ሱቃቸው ውስጥ ወድቀው ተገኝተው ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ መተንፈስ አቅቷቸዋል። አባቴ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ሰማው። እስከ ደማም ድረስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርግ ነበር።

ዓሚ ተረፉ፤ አልሐምዱሊላህ። አምስት ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆይተው ወጡ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫቸው ገሸሽ አድርገው፣ ያን ቅዳሜ እስከ ጁበይል ስላደረስኳቸው አመሰገኑኝ። ለአባቴም በአረብኛ «ያንተ ልጅ የእኔም ልጅ ናት» አሉት። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ነርሷ ገባችና የመጠየቂያ ሰዓት አለቀ።

በመኪናው ውስጥ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ሦስቱን ቀን፣ አሥራ አራቱን፣ ለሲስተር የመለስኩላትን፣ የኢንሹራንስ ካርዱን። አል ሙሐመዲያ ጋ የትራፊክ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ እንዲህ አለኝ፤

«ያን ቀን መጥተሽ ብታማክሪኝ እኔም ዝም በይ እልሽ ነበር።»

ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው ብዬ አሰብኩ። ፊቱን ሳየው ግን እንደዚያ አልነበረም። ተሸማቅቆ ነበር። ቀጥሎም፣ «እኔ እንዳልሞት ብለሽ ነው፤ እሳቸውም ግን ሰው ናቸው» አለ። ከዚያ መብራቱ ለቀቀን።

ብዙ ጊዜ ሒሳቡን ደጋግሜዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ብንልከው ዐሥራ ሁለት ትርፍ ቀን ይኖረን ነበር። ውሃው ግን ያኔም ይወድቅ ነበር፤ ያ ቅጥያ የእኔ ጥፋት አይደለም። አሥራ ስምንት ቀን ሲወስድ ስድስት ቀን እንዘገይ ነበር። ስድስቱን የሕንፃው ባለቤት የሰጠን ሳምንት ይሸፍነዋል። ማንም ጁበይል አይሄድም ነበር። እያንዳንዱን ቁጥር እየለዋወጥኩ ሞክሬዋለሁ፤ መልሱ ያው ነው።

አዲሱ ክፍል ተከፈተ። ወንበሮቹ ሰፊ ናቸው፤ ከመስኮቱ ባሕሩ በስሱ ይታያል። አባቴ ከደማም መምጣቱ ቢያደክመውም ለምዶታል። ማናጀሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። እኔን ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ዳይሬክተሩ የሚቀጥለውን ፎቅ ዕቅድ ራሷ ትሥራው ብሎ ጠየቀ። ሹመት ነው ብለው እንኳን ደስ ያለሽ ያሉኝ ነበሩ። ሲስተር አላለችኝም። ሰላምታ አልነፈገችኝም፤ ግን የምሰጣትን ቀን ሁሉ አሁን ራሷ ላብራቶሪውና ቴክኒሻኑ ጋ ደውላ ታረጋግጣለች። አልቀየማትም። ትክክል ናት።

ዓሚ ግን ኮባር አልመጡም። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ ተነግሯቸው፣ ሱቃቸውን ዘግተው ጅዳ ወዳለችው ልጃቸው ሄዱ። አባቴ አርብ አርብ ይደውልላቸዋል። ሲጨርስ ስልኩን ወደ እኔ ያቀብለኛል። ዓሚ ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል፤ ደህና ነው፣ እየሄደ ነው እላቸዋለሁ። ከዚያ ጤናቸውን እጠይቃለሁ። እስካሁን ሌላ ምንም አልነገርኳቸውም።